ኖንስ ሲደገም፣ ቁልፍ ሲገመት፦ ምስጠራን የሚያፈርሱ አራት ስህተቶች

ፕሮግራም ስንጽፍ «ራንደም» የምንላቸው ሦስት ነገሮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው። ቁልፍ ማንም ሊገምተው የማይችል መሆን አለበት። መልእክት ስንመሰጥር የምንጠቀምበት ኖንስ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር፣ ምስጢር መሆን አያስፈልገውም፤ ከመልእክቱ ጋር በግልጽ ይላካል። ግዴታው በአንድ ቁልፍ ሥር አለመደገም ብቻ ነው። የዲጂታል ፊርማ ኖንስ ግን አይደገምም፣ አይታወቅም፣ በከፊል እንኳ አይገመትም። ከታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ አንዱን በሌላው ሕግ ከማስተናገድ የመጡ ናቸው።

1. በአንድ ቁልፍ አንድን ኖንስ ሁለት ጊዜ መጠቀም

ኤኢኤስ-ጂሲኤም የተባለው የምስጠራ ስልት ቁልፉንና 12 ባይት ኖንሱን ወስዶ ረጅም የባይት ጅረት ያመነጫል፤ ከዚያ ጅረቱን ከመልእክቱ ጋር በኤክስኦር ያዋህዳል። ቁልፉም ኖንሱም ከተደገሙ ጅረቱ ያው ነው። ስለዚህ ጠላፊው ሁለቱን የተመሰጠሩ መልእክቶች እርስ በርስ ኤክስኦር ሲያደርጋቸው ጅረቱ ተጣፍቶ የመልእክቶቹ ልዩነት ብቻ ይቀራል። በ«ይላክ» እና «ይቁም» እንየው፦

```
ይላክ   E1 8B AD   E1 88 8B   E1 8A AD
ይቁም   E1 8B AD   E1 89 81   E1 88 9D
XOR    00 00 00   00 01 0A   00 02 30
```

የመጀመሪያው ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑ ወዲያውኑ ታየ። አማርኛ ደግሞ ለዚህ ጥቃት የተለየ ምቾት አለው፦ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ሲሆን የተለመዱት ሁሉ በ`E1` ይጀምራሉ። ስለዚህ በየሦስተኛው ባይት ዜሮ ይወጣል፤ የቃላት ክፍተት ያለበት ቦታም ይህን ምት ስለሚሰብር ይጋለጣል። ጠላፊው አንዱ መልእክት «ይላክ» መሆኑን ካወቀ ወይም በትክክል ከገመተ፣ የመጨረሻውን መስመር ከእሱ ጋር ኤክስኦር አድርጎ ሁለተኛውን በቀጥታ ያነባል። ቁልፉን መንካት አላስፈለገውም።

በጂሲኤም የባሰ ነገርም አለ። መልእክቱ እንዳልተነካካ የሚያረጋግጠው መለያ የሚሰላው ከቁልፉ በሚወጣ አንድ ቋሚ እሴት ነው። ከተደገመ ኖንስ የተገኙ ሁለት መለያዎች ያንን እሴት ወደ ጥቂት እጩዎች ያጠቡታል። ከዚያ በኋላ ጠላፊው ማንበብ ብቻ ሳይሆን ተቀባዩ የሚያምነው ሐሰተኛ መልእክትም መሥራት ይችላል።

ሆን ብሎ ኖንስ የሚደግም የለም። የተለመደው መንገድ ይህ ነው፦ ቁልፉ ፍላሽ ላይ ተቀምጧል፣ ቆጣሪው ግን ራም ላይ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ መሣሪያው በድሮው ቁልፍ ከዜሮ ይቆጥራል። ወይም ቨርቹዋል ማሽን ከስናፕሾት ይመለስና ያለፈውን ቆጠራ ይደግማል። ወይም ሁለት ሰርቨሮች አንድ ቁልፍ ተጋርተው ሁለቱም ከ1 ይጀምራሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ የሆነው ክራክ የተባለው የዋይፋይ ጥቃትም መነሻው ይኸው ነበር፦ የግንኙነት መመሥረቻውን ሦስተኛ መልእክት ደግሞ በመላክ ስልኩ ያንኑ ቁልፍ እንደገና እንዲተክልና ቆጣሪውን ወደ መጀመሪያው እንዲመልስ ማድረግ።

ቀላሉ መፍትሔ ፕሮግራሙ በተነሳ ቁጥር አዲስ ቁልፍ መፍጠር ነው። ያ ካልተቻለ ቆጣሪውን በጥቅል ያስይዙ፦ 1,000 ቁጥር ከመጠቀምዎ በፊት ቀጣዩን መነሻ ዲስክ ላይ ይጻፉ፤ መብራት ቢጠፋ የሚባክነው ቁጥር ብቻ ነው። ኖንሱ የዘፈቀደ ከሆነ በአንድ ቁልፍ ከ2^32፣ ማለትም ከ4.3 ቢሊዮን ገደማ መልእክት አይለፉ። ድግግሞሽ መኖሩን ለማወቅ የአንድን ቁልፍ ኖንሶች በፋይል ሰብስቦ ይህን ማስኬድ ይበቃል፤ አንድ መስመር እንኳ ካወጣ ቁልፉ ይቀየር፦

```
sort nonces.txt | uniq -d
```

2. በፊርማ ውስጥ ያለውን `k` መድገም

እዚህ የሚጠፋው መልእክት ሳይሆን ራሱ የግል ቁልፉ ነው። ኢሲዲኤስኤ በተባለው የዲጂታል ፊርማ ስልት እያንዳንዱ ፊርማ `k` የተባለ አዲስ ምስጢራዊ ቁጥር ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 በርሊን ላይ ፌይልኦቨርፍሎ የተባለው ቡድን የሶኒ ፕሌይስቴሽን 3 ፊርማዎች ሁሉ በአንድ ቋሚ `k` የተሠሩ መሆናቸውን አሳየ። ቀሪው ሂሳብ የትምህርት ቤት አልጀብራ ነው። በትንንሽ ቁጥሮች፣ ሁሉንም ለ101 አካፍለን ቀሪውን እየያዝን እንሥራው። ፊርማው ሁለት ክፍል አለው፦ ከ`k` የሚወጣው `r` እና ከታች የሚሰላው `s`። የግል ቁልፉ `d`=37፣ `k`=15፣ `r`=20 ይሁን፤ የሁለቱ መልእክቶች ሃሽ `z` 42 እና 63 ነው።

```
s = (z + r·d) / k  mod 101
s1 = 5,  s2 = 67

k = (63-42) / (67-5) = 21/62 = 15
d = (5·15 - 42) / 20 = 33/20 = 37
```

(ማካፈል ማለት እዚህ በተገላቢጦሹ ማባዛት ነው፤ የ62 ተገላቢጦሽ 44፣ የ20 ደግሞ 96 ነው።) ከሁለተኛው መስመር በታች የተጠቀምንባቸው ቁጥሮች በሙሉ በአደባባይ ያሉ ናቸው። እውነተኛው ቁጥር 256 ቢት ቢሆንም ስሌቱ በአንድ አፍታ ያልቃል።

ምልክቱም በዓይን ይታያል፦ `k` ከተደገመ `r` ይደገማል። እ.ኤ.አ. በ2013 የአንድሮይድ የዘፈቀደ ቁጥር ማመንጫ ጉድለት አንዳንድ የቢትኮይን ቦርሳዎችን `k` ሲያስደግማቸው፣ ሌቦች ለሁሉም ክፍት በሆነው ብሎክቼይን ላይ እኩል `r` ያላቸውን ፊርማዎች ፈልገው ገንዘቡን ወሰዱ።

3. «ካልተደገመ ይበቃል» ብሎ ማሰብ

ለሁለተኛው ስህተት ጥሩ መድኃኒት `k`ን ከግል ቁልፉና ከመልእክቱ አስልቶ ማውጣት ነው፤ የዘፈቀደ ማመንጫው ቢበላሽም አይደገምም። ፑቲ የተባለው የኤስኤስኤች ፕሮግራምም በዚህ መንገድ ይሄድ ነበር። ነገር ግን የሚጠቀመው ሃሽ 512 ቢት ሲሆን ፒ-521 የተባለው የኢሲዲኤስኤ ከርቭ ባለ 521 ቢት `k` ይፈልጋል። በመሆኑም የእያንዳንዱ `k` የላይኞቹ 9 ቢቶች ሁልጊዜ ዜሮ ነበሩ። ዘጠኝ ቢት ትንሽ ይመስላል፤ ሆኖም 60 ያህል ፊርማ ያገኘ ሰው የግል ቁልፉን አስልቶ ያወጣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ሲደረስበት ከ0.68 እስከ 0.80 ያሉ ስሪቶች በሙሉ ተጠቂ ነበሩ። ጉድለቱ የሚነካው የፒ-521 ቁልፎችን ብቻ ነው። `k` ማስላትን ራስዎ አይጻፉ፤ ለዚህ ስሌት የወጣውን አርኤፍሲ 6979 የተባለ መመሪያ የሚከተል ወይም ኢዲ25519 የተባለውን የፊርማ ስልት የሚሠራ የታወቀ ላይብረሪ ይውሰዱ።

4. ቁልፍን ከሰዓት ወይም ከሂደት ቁጥር ማፍለቅ

የፓይተን `random` ለጨዋታና ለሲሙሌሽን ነው፤ ተከታታይ 624 ባለ 32 ቢት ውጤቶቹን ያየ ሰው ቀጣዮቹን ሁሉ ያውቃል። ለቁልፍ `secrets` ወይም `os.urandom` ይጠቀሙ። የቁልፉ ርዝመት አያታልልዎ፦ 256 ቢት ቁልፍ ከ32 ቢት መነሻ ከወጣ ጠላፊው የሚሞክረው 2^32 ብቻ ነው።

ዴቢያን ላይ የደረሰው ከዚህም የጠበበ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የኮድ መፈተሻ ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ዝም ለማሰኘት ከኦፕንኤስኤስኤል ፓኬጅ መስመር ተነሳ። ከዚያ በኋላ ለማመንጫው የቀረው ተለዋዋጭ የሂደት ቁጥሩ ብቻ ነበር፤ በአንድ ዓይነት ማሽን ለአንድ የቁልፍ ዓይነትና ርዝመት ቢበዛ 32,768 ቁልፍ። እስከ ሜይ 2008 ማንም አላስተዋለም፤ ቁልፎቹን የተመለከተ ሰው የተለመደ የተዘበራረቀ ቁጥር እንጂ ሌላ ስለማያይ፣ የተሠሩበትን ኮድ ሳያነቡ ጉድለቱን መለየት ከባድ ነበር።

ፓኬጁን ማደስ ደግሞ የተሠሩትን ቁልፎች አላደሰም። በሌላ ማሽን ላይ በ`authorized_keys` ውስጥ የተቀመጠ ደካማ ቁልፍ፣ ያ ማሽን ዴቢያን ባይሆንም በሩን ክፍት ያደርገው ነበር። ሌላ ቦታ በትክክል የተሠራ የዲኤስኤ ቁልፍም በተበላሸው ዴቢያን ላይ አንድ ጊዜ ከፈረመ እንደ ተጋለጠ ተቆጥሮ እንዲጣል ተመክሯል፤ የፊርማው `k` የመጣው ከዚያው ማመንጫ ነበርና።