ጉንፋን ነው ወይስ ኢንፍሉዌንዛ? ትኩሳቱስ መቼ ነው ክሊኒክ የሚያስኬደው?

ነርስ ነኝ። «ጉንፋን ይዞኛል» ብሎ የሚመጣን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ሳሉ ወይም ስለ አፍንጫው አይደለም። «መቼ ጀመረህ?» ነው የምለው።

አንዱ ትንሽ ያስብና «እንጃ፣ ከትናንት ወዲያ ጉሮሮዬን ከርከር ያደርገኝ ነበር፤ ከዚያ አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ» ይለኛል። ሌላው ሰዓቱን ሳይቀር ይነግረኛል። «ትናንት ምሳ ስበላ ምንም አልነበረኝም። አስር ሰዓት ላይ ብርድ ብርድ አለኝ፤ ማታ ከአልጋ መውረድ አቃተኝ።» ሁለቱም ያመማቸውን «ጉንፋን» ይሉታል። የመጀመሪያው እውነትም ጉንፋን ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛው ግን ኢንፍሉዌንዛ ሊሆን ይችላል፤ ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ አካሄዱም አደጋውም ሌላ ነው።

ምልክት፦ አፍንጫ ይፈሳል፣ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ትኩሳት ግን የለም ወይም ትንሽ ነው

ምክንያቱ ተራ ጉንፋን ነው። የሚያመጡት ቫይረሶች ብዙ ናቸው፤ ዋናው ራይኖቫይረስ ይባላል። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይብሳል፣ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይለቃል። ሳሉ ብቻውን ከዚያም ሊቆይ ይችላል። አዋቂ ሰው በጉንፋን ብዙም አያተኩሰውም፤ ትንንሽ ልጆችን ግን ሊያተኩሳቸው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ንፍጡ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሲሆን «ኢንፌክሽን ሆኗል፣ አንቲባዮቲክ ያስፈልገኛል» ይባላል። ቀለሙ የሚለወጠው ሰውነት ለመከላከል በሚልካቸው ነጭ የደም ሴሎች ነው፤ በተራ ጉንፋንም ይለወጣል። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። መፍትሄው እረፍት፣ በቂ ፈሳሽና ለተዘጋ አፍንጫ የጨው ውሃ ጠብታ ነው። ለሳሉ ማር ይረዳል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም። ከ10 ቀን በኋላም ምንም ካልተሻላችሁ መታየት አለባችሁ።

ምልክት፦ በሰዓታት ውስጥ ጣለኝ፤ ያተኩሰኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ራሴን ያመኛል

ይህ የኢንፍሉዌንዛ መልክ ነው። ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከ38 እስከ 40 ዲግሪ ይደርሳል፣ ያንቀጠቅጣል። ሳሉ ደረቅ ነው። አፍንጫ ሊፈስ ይችላል፤ ታማሚው ግን ስለ አፍንጫው ማውራቱን ይረሳዋል፤ ጀርባውና እግሩ ይብሱበታል። ቁርጥማቱ የሚመጣው ቫይረሱ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ አይደለም፤ ሰውነት ቫይረሱን ሲዋጋ ወደ ደም የሚለቃቸው ኬሚካሎች ናቸው የሚያምሙት። ትኩሳቱ ሦስት አራት ቀን ይቆያል፤ ድካሙ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል።

በምልክት ብቻ መቶ በመቶ መለየት አይቻልም። ኮቪድም ይህንኑ መልክ ይዞ ይመጣል። እርግጡን የሚናገረው ምርመራ ነው። ወባ ባለበት አካባቢ የምትኖሩ ወይም በቅርቡ ከዚያ የተመለሳችሁ ከሆነ ደግሞ ትኩሳትን «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ የዚያኑ ዕለት የደም ምርመራ አድርጉ።

ጤነኛ የሆነ አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቤት ሆኖ ይድናል። ለትኩሳቱና ለቁርጥማቱ ፓራሲታሞል ይበቃል፦ ለአዋቂ 500 ሚሊግራም ወይም 1 ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም ሳይበልጥ። ጉበቱን የሚያመው ወይም በጣም ቀጭን የሆነ ሰው ከዚህ ያነሰ ስለሚያስፈልገው ባለሙያ ይጠይቅ። አንድ ነገር አደራ፦ «የጉንፋን መድኃኒት» ተብለው የሚሸጡ ድብልቅ ክኒኖችና በውሃ የሚበጠበጡ ዱቄቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል አለ። ሰው ክኒኑን ይውጣል፣ ዱቄቱን በሙቅ ውሃ ይጠጣል፣ ሳያውቀው መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። የሚጎዳው ጉበት ነው። የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ። አስፕሪን ደግሞ ለልጆችና ለወጣቶች አይሰጥም፤ ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲገናኝ አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ አደገኛ ሕመም ሊያስከትል ይችላል።

«እስኪ ሁለት ቀን ልየው» ማለት የሌለባቸው ሰዎች ግን አሉ። ነፍሰ ጡሮች፣ በቅርቡ የወለዱ እናቶች፣ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በተለይም ከሁለት ዓመት በታች ያሉት፣ አስም፣ የልብ፣ የኩላሊት ወይም የስኳር ሕመም ያለባቸው፣ የመከላከል አቅማቸው የተዳከመ። ለእነዚህ ኦሴልታሚቪር የሚባል የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት አለ፤ የበለጠ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው። ሰዓቱን መጠየቄ ለዚህም ነው። ሰኞ አስር ሰዓት ላይ የጀመራት ነፍሰ ጡር እስከ ረቡዕ አስር ሰዓት አላት ማለት ነው። ማክሰኞ ጠዋት ብትመጣ ደስ ይለኛል። ካለፈባትም ግን አትቅር፤ በጽኑ ለታመመ ሰው ዘግይቶም ሊሰጥ ይችላል።

ትኩሳቱን በእጅ ሳይሆን በቴርሞሜትር

ግንባር ዳሶ «እሳት ሆኗል» ማለት ቁጥር አይሰጥም። ዲጂታል ቴርሞሜትር ካላችሁ ብብቱን አድርቁ፣ ጫፉ ቆዳውን በደንብ እንዲነካ አድርጉ፣ ክንዱን አጥብቃችሁ ቴርሞሜትሩ እስኪጮህ ጠብቁ። በብብት ሲለካ ከውስጠኛው ሙቀት ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። ስለዚህ በብብት 37.5ና ከዚያ በላይ እንደ ትኩሳት ይያዛል። ፓራሲታሞል ከመስጠታችሁ በፊት ለኩና ከነሰዓቱ ጻፉት። ትኩሳቱ በፓራሲታሞል መውረዱ ሕመሙ ቀላል ነው ማለት አይደለም፤ ማጅራት ገትርም የሳንባ ምችም ትኩሳታቸው ለጊዜው ይወርዳል።

ምልክት፦ ትኩሳቱ ለቆኝ ነበር፣ ተመለሰ

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይህን ነው። ከቤቴ የሆነውን ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ 52 ዓመቱ ነው። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አንቀጠቀጠው፤ ማታ 39.3 ለካሁት። ማክሰኞና ረቡዕ ተኝቶ ዋለ፣ ፓራሲታሞል ወሰደ፣ ጠጣ። ሐሙስ ትኩሳቱ ለቀቀው። ዓርብ 36.8፣ ቅዳሜም ያው፤ ያለ መድኃኒት። ተነስቶ ገላውን ታጠበ። ሁላችንም ተገላገልን ብለን ነበር።

እሑድ ማታ ደወልኩለት። «ጉንፋኑ አገረሸብኝ» አለኝ። ሲያወራ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ትንፋሽ ይወስዳል። ያስደነገጠኝ ያ ነው። «ወንድም ጋሼ፣ መጣሁ» ብዬ ሄድኩ። ትኩሳቱ 39.1 ነበር። ሳሉ አሁን ደረቅ አይደለም፤ ቡናማ የሚመስል አክታ ያወጣል። ወደ ውስጥ ሲተነፍስ ቀኝ ጎኑን ይወጋዋል። ሰዓቴን ይዤ ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቆጠርኩ፦ 28። አርፎ የተቀመጠ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ነው የሚተነፍሰው። በዚያው ሌሊት ወሰድኩት። በጣት መለኪያው ኦክስጅኑ 91 በመቶ ሆነ፤ ራጁ ላይ የቀኝ ሳንባው ታችኛው ክፍል ነጭ ሆኖ ታየ። የሳንባ ምች ነበር። አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረለት፣ ሦስት ሌሊት አደረ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኢንፍሉዌንዛ የአየር ቧንቧን የውስጥ ሽፋን ይጎዳል። በዚያ ሽፋን ላይ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ቆሻሻን ወደ ላይ የሚጠርጉ ናቸው። እነሱ ሲጎዱ አፍንጫና ጉሮሮ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ወደ ሳንባ የመውረጃ መንገድ ያገኛሉ። ቫይረሱ ሲያልፍ ትኩሳቱ ይወርዳል፤ ባክቴሪያው ሲበረታ እንደገና ይወጣል። አንቲባዮቲክ እዚህ ላይ ነው የሚያስፈልገው።

መፍትሄው፦ ከተሻላችሁ በኋላ ትኩሳት ከተመለሰ፣ በተለይ ሳሉ ከባሰ፣ የዚያኑ ዕለት ታዩ። ቤት ውስጥ የተረፈ አንቲባዮቲክ ካለ እሱን አትጀምሩ።

ሳይመለስም የሚያስኬድ ትኩሳት

አዋቂ ሰው ትኩሳቱ ከሦስት ቀን ካለፈ፣ ወይም ከ39.4 በላይ ወጥቶ አልወርድ ካለ፣ ክሊኒክ ይሂድ። ትንፋሽ ካጠረው፣ ደረቱን ካመመው፣ ንግግሩ ከተዘባረቀ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ራሱን ስቶ ካንዘፈዘፈው፣ ወይም ሽንቱ ከተቋረጠ ግን ቀን መቁጠር የለም፤ ወዲያው ነው። ቆዳ ላይ የወጣ ሽፍታ በብርጭቆ ሲጫኑት ካልጠፋም እንደዚሁ።

ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሌላ ነው። 38 ዲግሪ ከሆነ፣ ሳቅ ቢልም፣ ቢጠባም፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ሂዱ። ከባድ ኢንፌክሽን በዚህ ዕድሜ ሌላ ምልክት ላያሳይ ይችላል። በብብት የለካችሁት 37.5 ቢልም ቤት አትጠብቁ።

ከፍ ላሉት ልጆች ከቁጥሩ ይልቅ ልጁን እዩ። 39.5 ሆኖ ፓራሲታሞል ከወሰደ በኋላ የሚጫወት ልጅ 38.3 ሆኖ ዓይኑን ከማይገልጠው ልጅ ይልቅ ያረጋጋል። መጠጣት ካቆመ፣ የሰጣችሁትን ሁሉ ካስመለሰ፣ ሊነቃ ካልቻለ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ሰርጎድ ካለ ውሰዱት። ልብሱን ገልጣችሁ፣ ሳያለቅስ፣ ትንፋሹን ለአንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 እስከ 11 ወር ላለ ልጅ 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ላለ 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል።

የልጅ ፓራሲታሞል የሚሰላው በክብደት ነው፤ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። 12 ኪሎ ለሆነች ልጅ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ማለት ነው። ሽሮፑ በ5 ሚሊሊትር 120 ሚሊግራም ካለው፣ 5 ሚሊሊትር ይበቃታል። ጠርሙሱን አንብቡ፤ መጠናቸው የሚለያይ ሽሮፖች አሉ። በየ6 ሰዓቱ፣ በቀን ከ4 ጊዜ ሳይበልጥ ስጧት። በበረዶ ውሃ ወይም በአልኮል አታሹ። ብርዱ ያንቀጠቅጣታል፣ መንቀጥቀጡ መልሶ ሙቀት ይጨምራል፤ አልኮሉ ደግሞ በቆዳ ገብቶ ይመርዛል።

ክሊኒክ ስትሄዱ ያችን የጻፋችሁባትን ወረቀት ያዙ። የጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የትኩሳቱ ቁጥሮች፣ ለቆ ከነበረ የለቀቀበት ቀን፣ የመጨረሻው ፓራሲታሞል የተወሰደበት ሰዓት። ወንድሜን የተቀበለው ሐኪም ወረቀቱን አየና ሐሙስ ላይ ጣቱን አሳርፎ «እዚህ ጋ ለቆት ነበር?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ወዲያው ወደ ራጅ ክፍል ላከን።