ለአዲስ ተመዝጋቢ የሚላኩ ኢሜይሎችን ማዘጋጀትና ውጤታቸውን ሳይሳሳቱ መለካት

አንድ ሰው በሱቅዎ ድረ ገጽ ላይ ኢሜይሉን አስገብቶ ሲመዘገብ፣ በቀጣዮቹ ቀናት ተራ በተራ በራሳቸው የሚላኩለት የእንኳን ደህና መጡ ኢሜይሎች አሉ። መጻፉ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ሥራቸውን ሠርተው እንደሆነ ማወቁ ነው፤ ምክንያቱም ሶፍትዌሩ በመጀመሪያ የሚያሳየው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ይበልጣል። ለማሳያ አሜሪካ ውስጥ ቡና እየቆላ በፖስታ የሚልክ አንድ ትንሽ የኦንላይን ሱቅ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለስሌቱ እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው።

1. ግቡን ከነጊዜ ገደቡ ይወስኑ

ለዚህ ሱቅ ግቡ "የተመዘገበ ሰው በ14 ቀን ውስጥ የመጀመሪያ ግዢውን ይፈጽም" የሚል ነው። ገደቡን አይተዉት። ገደብ ከሌለ በጥር የተመዘገቡት በመጋቢት ከተመዘገቡት የተሻሉ ይመስላሉ፤ ልዩነቱ ግን ለመግዛት ረዘም ያለ ጊዜ ማግኘታቸው ብቻ ሊሆን ይችላል።

2. አራቱን ኢሜይሎች ይጻፉ

የመጀመሪያው ሰውየው እንደተመዘገበ ወዲያውኑ ይላክ። 10 በመቶ ቅናሽ ቃል ገብተው ከሆነ ኮዱ ከላይ፣ በመጀመሪያው መስመር ይቀመጥ፤ ተመዝጋቢው ስልኩን ይዞ የሚጠብቀው እሱን ነውና። የሱቁ ታሪክ እዚህ ቦታ የለውም። ርዕሱም "የ10 በመቶ ቅናሽ ኮድዎ" ቢል "ወደ ቤተሰባችን እንኳን ደህና መጡ" ከሚለው ይሻላል፤ ውስጡ ምን እንዳለ ይናገራል።

ሁለተኛው በ2ኛው ቀን ይሄዳል፣ ሥራውም ማስመረጥ ነው። የታጠበ ይርጋጨፌ ቀለል ያለ፣ የአበባና የሎሚ ቃና ያለው መሆኑን፣ ከነገለባው የደረቀ ሐረር ደግሞ ወፍራምና የፍራፍሬ ጣዕም ያለው መሆኑን በጥቂት መስመር ያስረዱና ወደ ሁለቱ የሚወስድ ሊንክ ያስቀምጡ። ሦስተኛው፣ በ5ኛው ቀን፣ ገዢን እንዲያመነታ የሚያደርጉትን ጥያቄዎች ይመልሳል፦ መቼ ይቆላል፣ በስንት ቀን ይደርሳል፣ ተፈጭቶ ነው ወይስ ፍሬው። አራተኛው በ9ኛው ቀን ኮዱ ነገ እንደሚያበቃ ያስታውሳል። ካሉም በእርግጥ ያብቃ። በ20ኛው ቀን የሚሠራ ኮድ ደንበኛን መጠበቅ ያስለምደዋል።

አብዛኛው ሰው የሚረሳው የመውጫውን ሁኔታ ነው። በ3ኛው ቀን የገዛ ሰው በ9ኛው ቀን "ኮድዎ ሊያበቃ ነው" የሚል ኢሜይል ከደረሰው፣ ሱቁ እንደማያውቀው ይገባዋል። ስለዚህ "ገዝቷል ወይ?" የሚለው ማጣሪያ መነሻው ላይ ብቻ ሳይሆን ከእያንዳንዱ ኢሜይል በፊት ይግባ። ሰው በአንድ ኢሜይል ተመዝግቦ በሌላ ሊገዛም ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ተመዝጋቢ የራሱን ኮድ መስጠት ይህን ክፍተት ይሸፍናል።

3. የሚልኩበትን አድራሻ ያስተካክሉ

ከራስዎ ዶሜይን ይላኩ፤ ኢሜይሉ በእርግጥ ከእርስዎ መላኩን የሚያረጋግጡትን የዶሜይን ቅንብሮች፣ SPF፣ DKIM እና DMARC፣ ይሙሉ። ጂሜይልና ያሁ ከየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዛት ከሚልኩ ሰዎች ሦስቱንም፣ በአንድ ጠቅታ ከዝርዝሩ መውጫንም ይጠይቃሉ። ትንሽ ላኪ ቢሆኑም ሁሉንም ማሟላቱ ይበጃል።

4. "ተከፍቷል" የሚለውን ቁጥር በጥንቃቄ ያንብቡ

ሶፍትዌሩ ሰው ሲያነብ አያይም። የሚያየው በኢሜይሉ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት የማትታይ ምስል ከሰርቨር ስትወርድ ነው። ስሌቱ የሚሳሳተው እዚህ ነው፣ ያውም በሁለቱም አቅጣጫ።

አፕል በመስከረም 2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው የግላዊነት ጥበቃ፣ የሜይል መተግበሪያው ባለቤቱ ኢሜይሉን አነበበም አላነበበም ምስሎቹን አስቀድሞ ሊያወርድ ይችላል። በዚህ ምክንያት ያልተነበበ ኢሜይል ተነበበ ተብሎ ይቆጠራል። በሌላ በኩል ጂሜይል ከ102 ኪሎባይት ገደማ የሚበልጥን ኢሜይል ከታች ይቆርጠዋል። የምትቆጥረዋ ምስል ብዙ ጊዜ መጨረሻ ላይ ስለምትቀመጥ አብራ ትቆረጣለች፣ የተነበበውም ሳይቆጠር ይቀራል። መፍትሔው ኢሜይሉን አጭር ማድረግና ከሌላ ቦታ የተገለበጠ የተዝረከረከ የHTML ኮድ አለማስገባት ነው።

በምሳሌው ሱቅ ለ400 ሰው ተልኮ 12ቱ ተመለሰ፤ 388 ደረሰ። ሶፍትዌሩ 255 ተከፍቷል፣ ማለትም 65.7 በመቶ ይላል። ተለያይቶ ሲታይ ግን 180ዎቹ የአፕል ሜይል ተጠቃሚዎች ናቸው፤ ከእነሱ 172ቱ "ከፍተዋል"። ከቀሪዎቹ 208 ሰዎች የከፈቱት 83 ብቻ ናቸው፣ ይህም 39.9 በመቶ። ለእውነቱ የሚቀርበው ይህ ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በሪፖርቱ ላይ አፕልን የሚያስወጣ ማጣሪያ ካለ ይጠቀሙበት።

ይህ ቁጥር ሽያጭን አይለካም፣ ለማስጠንቀቂያ ግን ጥሩ ነው። ያሁ ላይ ያሉት እንደነበሩ ሆነው የጂሜይሎቹ ከ40 ወደ 15 በመቶ ከወረደ፣ ኢሜይሉ ወደ ስፓም እየገባ ሳይሆን አይቀርም። ርዕሱን ከመቀየርዎ በፊት ደረጃ 3ን ይፈትሹ።

5. ግዢውን ይለኩ

በእያንዳንዱ ሊንክ ላይ ከየትኛው ኢሜይል እንደመጣ የሚናገር ምልክት ያስገቡ፦

```
https://example.com/harar?utm_source=welcome&utm_medium=email&utm_content=email2
```

ሁሉንም በትንንሽ ፊደል ይጻፉ፤ ጉግል አናሊቲክስ `Email` እና `email` ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጎ ይቆጥራቸዋል። ኢሜይሉ በደረሰ በሰከንዶች ውስጥ ሁሉም ሊንኮች ከተጫኑ ደግሞ የመሥሪያ ቤት የደህንነት ሶፍትዌር እየፈተሻቸው ሊሆን ስለሚችል እነሱን ከቁጥሩ ያውጡ።

ማካፈያዎ የመጀመሪያው ኢሜይል የደረሳቸው ሰዎች ቁጥር ይሁን። ከ388ቱ 31 ሰዎች በ14 ቀን ውስጥ ከገዙ 8 በመቶ ነው። "ከከፈቱት" ብለው በ255 ካካፈሉት 12.2 በመቶ ይሆናል፤ ነገር ግን የአፕል ስህተት አብሮ ይገባበታል።

ቀሪው ጥያቄ 31ዱ ኢሜይሉ ባይላክላቸውስ ይገዙ ነበር ወይ የሚለው ነው። ይህን ሊንክ አይመልሰውም፣ ማነጻጸሪያ ቡድን ያስፈልገዋል። ኮዱን ቃል ስለገቡ የመጀመሪያውን ኢሜይል ለሁሉም ይላኩ። ከዚያ ተመዝጋቢዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍለው ቀሪዎቹን ሦስት ኢሜይሎች ለግማሾቹ ብቻ ይላኩ። በሦስት ወር 1,200 ሰው ቢመዘገብ በየቡድኑ 600 ይሆናል። ሁሉም ከደረሳቸው 54፣ የመጀመሪያው ብቻ ከደረሳቸው 30 ሰዎች ቢገዙ፣ ሦስቱ ኢሜይሎች ያመጡት 54 ሳይሆን 24 ገዢ ነው። ልዩነቱ 33 ለ30 ከሆነ ግን በአጋጣሚም የሚፈጠር ስለሆነ ምንም አይወስኑበት፣ ተጨማሪ ተመዝጋቢ ይጠብቁ። በየሳምንቱ እያዩ ውጤቱ ደስ ባለዎት ቀን ማቆምም ያሳስታል፤ ማብቂያውን ከመጀመርዎ በፊት ይወስኑ።

ኮዱ ለሁለቱም ቡድኖች ስለተሰጠ ይህ ሙከራ ስለ ቅናሹ ምንም አይነግርዎትም። 10 በመቶው ራሱ ገዢ ያምጣ ወይም ትርፍ ብቻ ይቀንስ ለማወቅ፣ ይህኛው ካለቀ በኋላ ለአዳዲስ ተመዝጋቢዎች በግማሹ የምዝገባ ቅጽ ላይ ቅናሽ፣ በግማሹ ላይ ያለ ቅናሽ አድርገው ሌላ ሙከራ ይጀምሩ። እዚያ ላይ ማካፈያው የተመዘገበው ሳይሆን ቅጹን ያየው ሰው ቁጥር ነው፤ ቅናሹ የሚመዘገበውን ሰው ብዛት ራሱ ይለውጣልና።