ጥሪው ተልኳል፣ መልሱ ግን የለም፦ የምስረታ በዓል የጥሪ ኢሜይል ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

የምሠራበት አስመጪ ድርጅት ባለፈው ኅዳር 15ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለደንበኞችና ለአጋሮች የሚላከውን የጥሪ ኢሜይል የማዘጋጀት ኃላፊነት የእኔ ነበር። የመጀመሪያው ጥሪ አንድ ሐሙስ ምሽት፣ አንድ አዳራሽ፣ 180 ተጋባዥ ይዞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን የደረሰን መልስ 14 ብቻ ነበር፤ ከ14ቱም አንዱ ስለተሳሳተ ቀን ነበር። ከታች ያለው ያኔ ያየናቸው ምልክቶች፣ ምክንያታቸውና ያስተካከልንበት መንገድ ነው።

ምልክት፦ እንግዳው በሌላ ቀን ወይም በሌላ ሰዓት ይመጣል

በመጀመሪያው ኢሜይል ላይ የጻፍኩት ይህንን ነበር፦ «ቀን፦ 11/3፤ ሰዓት፦ ከ12:00 ጀምሮ»። ለእኔ ኅዳር 11፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው። ዱባይ የሚገኘው የዕቃ አቅራቢያችን ወኪል ግን ኖቬምበር 3 ብሎ አነበበውና «ቀኑ በጣም ቀርቧል፣ ቪዛ አይደርስልኝም» ብሎ በትሕትና ይቅርታ ጠየቀ። ትክክለኛው ቀን ገና ከሁለት ሳምንት በላይ ይቀረው ነበር። ናይሮቢ ያለ ሌላ አጋራችን ደግሞ ቀኑን ከጸሐፊያችን በስልክ አጣርቶ ነበር፤ ሰዓቱን ግን አልጠየቀም። በዕለቱ ቀትር ላይ አስተናጋጆች የጠረጴዛ ጨርቅ ሲያነጥፉ በአዳራሹ በር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሶ ቆሞ አገኘነው። ሳቅነው ብል ውሸት ነው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ ማስተናገድ ነበረብን።

ምክንያቱ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር በአንድ መስመር ላይ መደበላለቃቸው ነው። በቁጥር ብቻ የተጻፈ ቀን የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገርም፤ ቀኑና ወሩ የቱ እንደሆነም አይለይም። «12:00» ለአንዱ ምሽት፣ ለሌላው ቀትር ነው።

መፍትሄው ወሩን በስም መጻፍ፣ የሳምንቱን ቀን መጨመርና ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው፦

«ሐሙስ፣ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 20 ቀን 2025)፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር 18:00፣ የአዲስ አበባ ሰዓት)»

የሳምንቱን ቀን መጻፍ ጌጥ አይደለም፤ ማመሳከሪያ ነው። ከሁለቱ ቀኖች አንዱን ብትሳሳቱ «ሐሙስ» ከሚለው ጋር አይገጥምምና ከመላኩ በፊት ትይዙታላችሁ። ለውጭ አጋሮች የቀን መቁጠሪያ ፋይል የምታያይዙ ከሆነ እዚያም ውስጥ 12 ሰዓት ብላችሁ እንዳትሞሉ ተጠንቀቁ። ምሽቱ 12 ሰዓት 18:00 ነው፤ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲጻፍ ሦስት ሰዓት ይቀነስለታል፦

```
DTSTART:20251120T150000Z
DTEND:20251120T183000Z
```

ይህን ወደ ራሳችሁ አድራሻ ልካችሁ ስልካችሁ ላይ ክፈቱት። 18:00 ወይም 6:00 PM ካላሳየ አትላኩት።

ምልክት፦ ኢሜይሉ ይነበባል፣ መልስ ግን አይመጣም

ከሁሉ የከበደን ይህ ነበር። በስልክ ስንደውል ብዙዎቹ ጥሪውን አይተውታል፤ «እንዴ፣ አይቼዋለሁ፣ እመጣለሁ ብዬ ነበር» ይሉናል፣ ያሉት ግን ለራሳቸው ነው። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ኢሜይሉን መልሼ ሳነበው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። የመልስ ቀኑ በመጨረሻው አንቀጽ ውስጥ፣ ከሥራ አስኪያጁ ምስጋና በኋላ ተቀብሯል። የጻፍኩትም «እባክዎ በቅርቡ ያሳውቁን» ነው። «በቅርቡ» ደግሞ ቀን አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት የእኛው ባህል ነው። ጥሪን «አልመጣም» ብሎ መመለስ የጠራን ሰው እንደ መናቅ ስለሚቆጠር የማይችል ሰው ዝም ይላል። ዝምታውን ግን አዳራሹ አይቆጥረውም። ሆቴሉ የመጨረሻውን የእንግዳ ቁጥር ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት፣ ሰኞ ኅዳር 8 ይፈልግ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሰው ቢቀርም ሒሳቡ አይቀርም።

ስለዚህ የመልስ ቀኑን ከሆቴሉ ቀን ወደ ኋላ ቆጥረን አወጣነው። ሰኞ ቁጥሩ ከተሰጠ፣ ዓርብ ኅዳር 5 ላልመለሱት ስልክ የምንደውልበት ቀን ይሁን፤ እንግዲያው የመልሱ ማብቂያ ሐሙስ ኅዳር 4 ነው። ሁለተኛው ኢሜይል ይህንን ከቀኑና ከቦታው ቀጥሎ፣ በደማቅ ፊደል አስቀመጠ፦

«የመቀመጫ ቁጥር ለሆቴሉ ስለምናሳውቅ እስከ ሐሙስ ኅዳር 4 ቀን (ኖቬምበር 13)፣ ከቀኑ 11 ሰዓት (17:00) ድረስ መልስዎን እንጠብቃለን። ለዚህ ኢሜይል 'እገኛለሁ'፣ 'አልችልም' ወይም 'በምትኬ ሰው እልካለሁ' ብለው ቢመልሱልን በቂ ነው። ባይመችዎ ቅር አይለንም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አለቃዬ ሊሰርዛት ፈልጎ ነበር፤ ጥሪ ላይ «ባይመችዎ» ማለት ቀዝቃዛ ይመስላል አለኝ። ተከራክሬ እንዳትሰረዝ አደረግኩ። እሷ ከገባች በኋላ «አልችልም» የሚሉ መልሶች መምጣት ጀመሩ፤ ለአዘጋጅ ደግሞ ግልጽ «አልችልም» ከዝምታ ይሻላል። ምክንያቱን መጥቀሱም ይረዳል፦ ወንበር እንደሚቆጠር ያወቀ ሰው ጉዳዩን በይሁን አይተወውም።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። ለትልቅ ደንበኛ ኢሜይል ብቻውን ጥሪ አይሆንም። ከዝርዝሩ ውስጥ ሃያ ያህሉን ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደውሎ ነው የጋበዛቸው፤ ኢሜይሉ ለእነሱ ማስታወሻ ነበር።

ምልክት፦ ኢሜይሉ ባዶ ሆኖ ይታያል፣ ወይም አልደረሰም ይባላል

ጥሪውን እንደ ሠርግ ካርድ በአንድ ትልቅ ሥዕል ሠርቶ መላክ ያምራል። ችግሩ ብዙ የመሥሪያ ቤት ኢሜይሎች ሥዕል ወዲያው አለመክፈታቸው ነው፤ ተቀባዩ የሚያየው ነጭ ሳጥን ብቻ ይሆናል። ሥዕል ብቻ ያለበት መልእክት ወደ አይፈለጌ ሳጥን የመግባት ዕድሉም ከፍ ያለ ነው። ቀን፣ ቦታና የመልስ ማብቂያ በጽሑፍ ይኑሩ፤ ካርዱ ከሥር ይከተል።

180 አድራሻዎችን በአንድ መስመር «ለ» በሚለው ቦታ መደርደር ደግሞ የደንበኞቻችሁን ዝርዝር ለተፎካካሪ ማደል ነው። በ`Bcc` መላክ ከዚህ ያድናል፣ ስም ግን አይጠራም። እኛ በመጨረሻ የደብዳቤ ማዋሃጃ ተጠቅመን እያንዳንዱን በስሙና በማዕረጉ ጠራን። አቶ፣ ወይዘሮ፣ ዶክተር የሚለውን አንድ በአንድ አጣሩ፤ ወይዘሪትን ወይዘሮ ማለት ያስቀይማል፣ ዶክተሩን አቶ ማለትም እንደዚያው።

ምልክት፦ እንግዳው ሰፈሩ ደርሶ ይደውላል

«ቦሌ፣ ሆቴሉ» በቂ አይደለም። የአዳራሹ ስም፣ ፎቁ፣ የሚታወቅ ምልክት፣ የመኪና ማቆሚያው መግቢያ በየት በኩል እንደሆነና በዕለቱ ስልክ የሚያነሳ ሰው ቁጥር ይጻፍ። የካርታ ማስፈንጠሪያውን ራሳችሁ ከሌላ ስልክ ሞክሩት፤ የእኛው ወደ ኋላ በር ይወስድ ነበር።

የዱባዩ ወኪል የተስተካከለውን ጥሪ ካየ በኋላ ቪዛውን አውጥቶ መጣ። የናይሮቢው ግን ሁለተኛውን ኢሜይል አልከፈተውም፤ የመጀመሪያውን አትሞ ይዞት ነበር። የተስተካከለ ጥሪ ስትልኩ ርዕሱ ላይ «የቀንና የሰዓት ማስተካከያ» ብላችሁ ጀምሩ፣ ከአገር ውጭ ላሉትም በዚያው ቀን ደውሉ።