የውጭ ስም በአማርኛ ውል ውስጥ፦ ከመግቢያው እስከ ፊርማው ገጽ አንድ ዓይነት

ውጭ አገር ያስመዘገባችሁት ኩባንያ አዲስ አበባ ላለ ገዢ ማሽን ሊሸጥ ነው እንበል። እናንተ መምጣት ስለማትችሉ ወንድማችሁ በውክልና ይፈርማል። ውሉ በአማርኛ ተረቀቀና በኢሜይል ደረሳችሁ። ዋጋው፣ ቀኑ፣ ቅጣቱ ሁሉ ልክ ነው። የኩባንያውን ስም ግን ተከታትላችሁ እዩት።

ለምሳሌ ብቻ በወሰድኩት ስም ላሳያችሁ። መግቢያው ላይ «ዊሊያምስ ትሬዲንግ ኤልኤልሲ» ይላል። የክፍያው አንቀጽ ላይ «ዊልያምስ ትሬዲንግ» ሆኗል። ፊርማው ገጽ ላይ ደግሞ «ዊልያምስ ትሬዲንግ ኃ/የተ/የግ/ማ»። የመጀመሪያው ልዩነት የአንድ ፊደልና የ«ኤልኤልሲ» መቅረት ነው። የመጨረሻው ግን ከባድ ነው። «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር» በኢትዮጵያ የንግድ ሕግ የሚቋቋም የማህበር ዓይነት ስለሆነ፣ ያነበበው ሰው የፈረመው አገር ውስጥ የተመዘገበ ሌላ ድርጅት ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር የመጣ ዕለት ገዢው «እኔ የተዋዋልኩት ከዚህኛው ጋር አይደለም» የሚልበትን ቀዳዳ በእጃችሁ ሰጣችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ ረቂቁ ከመጻፉ በፊት አጻጻፉን ቁረጡ። የቱ ይሻላል ብላችሁ ስለ ድምፁ ብዙ አትከራከሩ። መጀመሪያ የምታዩት አገር ቤት የገባ ሰነድ ካለ እሱን ነው፤ በተለይ ውክልናውን። ወንድማችሁ የሚፈርምበት ሥልጣን የመጣው ከዚያ ነው፤ ውሉ ሲቀርብም የሰነዶች ማረጋገጫ ባለሙያው ጎን ለጎን አድርጎ የሚያየው እሱን ነው። ውክልናው «ዊልያምስ» ካለ፣ እናንተ «ዊሊያምስ» ብላችሁ ብትጠሩትም ውሉ «ዊልያምስ» ይበል። ምንም ሰነድ ከሌለ ብቻ በአነጋገሩ ሂዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚወጣውም ውክልና ይህንኑ ይከተል።

የኩባንያ ስም በድምፁ ይጻፋል እንጂ ትርጉሙ አይጻፍም። «ኤልኤልሲ» የሚለውም እንዳለ ይቀመጥ። ምን ዓይነት ድርጅት እንደሆነ ማስረዳት ካስፈለገ፣ መግቢያው ላይ አንዴ «በእንዲህ ያለ አገር ሕግ የተቋቋመ፣ የባለቤቶቹ ኃላፊነት የተወሰነ ድርጅት» ማለት ይበቃል። እዚያው መግቢያ ላይ ስሙ በመዝገቡ ባለው የላቲን አጻጻፍ ከምዝገባ ቁጥሩ ጋር ይግባ። ለሰው ከሆነ የፓስፖርቱ አጻጻፍና ቁጥር። በአማርኛው ላይ ጥያቄ ቢነሳ ማንነቱን የሚያስረው ይህ ነው።

የሰው ስም ላይ ቅደም ተከተሉንም ልብ በሉ። ብዙ የውጭ ፓስፖርት የቤተሰብ ስምን ያስቀድማል። ጸሐፊው እንዳየው ከገለበጠው መግቢያው ላይ «ቶምፕሰን አንድሪው»፣ ፊርማው ላይ «አንድሪው ቶምፕሰን» ይሆናል። አንዱን ምረጡና ያዙት። የመካከለኛ ስም ካለም ወይ በሁሉም ቦታ ይግባ ወይ በሁሉም ቦታ ይቅር። ፓስፖርቱ ላይ ካለ ቢገባ ይሻላል እላለሁ።

ስህተት የሚበዛው ስሙ ደጋግሞ ስለሚጻፍ ነው። መግቢያው ላይ «ከዚህ በኋላ ‹ሻጭ› እየተባለ የሚጠራው» ካላችሁ፣ አንቀጾቹ ውስጥ «ሻጭ» ብቻ ይበቃል። ሙሉ ስሙ የሚቀረው መግቢያው፣ የባንክ ሒሳቡ፣ የማስታወቂያ አድራሻውና ፊርማው ገጽ ላይ ነው። እነዚያም ከመግቢያው ኮፒ ይደረጉ እንጂ እንደገና አይተየቡ። ፊርማው ገጽ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ ውል ተቆርጦ የሚመጣ ስለሆነ እሱን ለብቻው እዩት። ከፊርማው በታች የኩባንያው ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ የፈራሚው ስምና «ወኪል» የሚለው ይታተም። በእጅ እንዲሞላ ባዶ መስመር አትተዉ።

ፍተሻው ቀላል ነው። ወርዱን ክፈቱና Ctrl + F ተጭናችሁ የተስማማችሁበትን አጻጻፍ ሳይሆን የተሳሳተውን ፈልጉ፤ እዚህ ላይ «ዊሊያ» ብላችሁ። አንድም መውጣት የለበትም። በ«አ» የሚጀምር ስም ግን ሊያመልጣችሁ ይችላል። «ለአንድሪው» የሚለው «ላንድሪው» ተብሎ ከተጻፈ፣ «አንድሪው» ብላችሁ ስትፈልጉ አይገኝም። ስለዚህ «ንድሪው» ብላችሁ ፈልጉ። ስካን ተደርጎ የመጣ ከሆነ ግን ያው አትሞ በጣት እየተከተሉ ማንበብ ነው።

ከተፈረመ በኋላ ስህተት ካገኛችሁ ፊደሉን በእስክሪብቶ አታስተካክሉ። ሁለቱም ወገኖች አጭር ማሻሻያ ይፈርሙ፦ በአንቀጽ እገሌ «ዊሊያምስ» ተብሎ የተጻፈው በዚህ የምዝገባ ቁጥር የሚታወቀው «ዊልያምስ ትሬዲንግ ኤልኤልሲ» ነው የሚል። ዋናው ውል ምስክሮች ፊት የተፈረመና የተረጋገጠ ከሆነ፣ ማሻሻያውም በዚያው መንገድ ይለፍ።