የኮልና የፑት ዋጋ ሳይጣጣም ሲቀር፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሔው

ምልክቱ

ኮል ኦፕሽን አክሲዮንን አስቀድሞ በተወሰነ የመፈጸሚያ ዋጋ የመግዛት፣ ፑት ኦፕሽን ደግሞ የመሸጥ መብት ነው። የአንድ አክሲዮን ዋጋ 100 ነው እንበል። ከአንድ ዓመት በኋላ የሚያበቁና የመፈጸሚያ ዋጋቸው 100 የሆነ ኮል ኦፕሽን በ10፣ ፑት ኦፕሽን ደግሞ በ6 ይገበያያሉ፤ የዓመት ወለድ 5 በመቶ ነው። የሁለቱ ኦፕሽኖች ልዩነት 4 ሲሆን፣ በስሌቱ መሠረት ግን 4.76 መሆን ነበረበት።

ስሌቱ የተመሠረተው ሁለት ይዞታዎችን በማነጻጸር ነው። ኮል ገዝቶ 95.24 በወለድ ያስቀመጠ ሰው በማብቂያው ቀን 100 በእጁ ስለሚኖረው፣ አክሲዮኑ ከ100 በላይ ከወጣ በዚያው ገንዘብ ይገዛዋል፤ ከወረደ ግን ገንዘቡን ይዞ ይቀመጣል። አክሲዮኑን ከነፑቱ የያዘ ሰውም ዋጋው ሲወጣ አክሲዮኑን ያስቀራል፣ ሲወርድ በ100 ይሸጠዋል። ውጤታቸው በማንኛውም ዋጋ አንድ ስለሆነ የዛሬ ዋጋቸውም እኩል መሆን አለበት። `C` የኮሉ፣ `P` የፑቱ፣ `S` የአክሲዮኑ ዋጋ፣ `K` የመፈጸሚያ ዋጋው፣ `r` ደግሞ የዓመት ወለዱ ሲሆኑ፦

```
C + K/(1+r) = P + S
```

እዚህ ግን ግራው 105.24፣ ቀኙ 106 ነው።

ልዩነቱ እውነተኛ ከሆነ

ርካሹን ገዝቶ ውዱን መሸጥ ነው፦ ኮሉን መግዛት፣ ፑቱን መሸጥ፣ አክሲዮኑን ተበድሮ መሸጥ። ዛሬ የሚገኘው 96 በወለድ ሲቀመጥ 100.80 ይሆናል። በማብቂያው ቀን አክሲዮኑ ቢወጣ በኮሉ፣ ቢወርድ በተሸጠው ፑት ምክንያት በ100 ይገዛና ለአበዳሪው ይመለሳል፤ 0.80 ያለ ስጋት ይተርፋል።

ልዩነቱ የይምሰል ከሆነ

በብዛት የሚያጋጥመው ይህኛው ነው፤ ዋነኛው ምክንያትም የተዘነጋ የትርፍ ድርሻ ነው። ኩባንያው ከማብቂያው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ በአክሲዮን 0.80 የሚከፍል ከሆነ፣ አክሲዮኑን የተበደረ ሰው ያንኑ ለአበዳሪው መተካት ስላለበት ትርፉ እንዳለ ይጠፋል። መፍትሔው የድርሻውን የዛሬ ዋጋ፣ እዚህ 0.76፣ ከ`S` ላይ ቀንሶ እንደገና ማስላት ነው። ለአክሲዮን ብድር የሚከፈል ኪራይም ትርፉን በዚሁ መንገድ ይበላል።

ሁለተኛው ምክንያት የኦፕሽኑ ዓይነት ነው። እኩልነቱ የሚጸናው በማብቂያው ቀን ብቻ ለሚፈጸሙት ለአውሮፓዊ ኦፕሽኖች ነው። በአሜሪካዊው ዓይነት የሸጥነውን ፑት የያዘው ሰው በነጋታው ሊያስፈጽመው ስለሚችል፣ ወለዱ ሳይጠራቀም 96 ብቻ ይዘን 100 እንድንከፍል እንገደዳለን። የትርፍ ድርሻ በማይከፍል አክሲዮን ላይ፣ ለዚህ ዓይነት ልዩነቱ ከ`S − K` እስከ `S − K/(1+r)`፣ ማለትም ከ0 እስከ 4.76 ድረስ ቢሆን ጥሰት አይባልም፤ 4 በዚህ ውስጥ ነው።

ይህ ሁሉ ከተጣራ በኋላም የመጨረሻውን የግብይት ዋጋ ማመን አይገባም፤ ምናልባት ከሰዓታት በፊት የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ኮሉን ሻጮች በሚጠይቁት፣ ፑቱንና አክሲዮኑን ደግሞ ገዢዎች በሚያቀርቡት ዋጋ፣ ሦስቱንም በአንድ ቅጽበት ወስዶና ኮሚሽኑን ቀንሶ አሁንም ትርፍ ከታየ፣ ሦስቱን ትእዛዞች በአንድነት ማስገባት ይቻላል።