ራም ፓምፑ ይመታል፣ ውሃው ግን አይወጣም፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱና መፍትሄው

ራም ፓምፕ ቁልቁል የሚወርድ ውሃን ጉልበት ተጠቅሞ ከፊሉን ወደ ላይ የሚያወጣ ፓምፕ ነው፤ ሞተር የለውም። መብራትም ነዳጅም አይፈልግም። ያለው ሁለት ቫልቭ፣ አንድ የአየር ታንክና ቧንቧ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚበላሽበት ቦታም ጥቂት ነው፣ ጆሮና ዓይን ላለው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የቱ ጋ እንደሆነ ራሱ ይናገራል።

መጀመሪያ ግን ጤነኛው ምን እንደሚያደርግ እንይ፣ ያለዚያ ምልክቱ ትርጉም አይሰጥም። ውሃው ከምንጩ በመንጃ ቧንቧው ቁልቁል ይወርድና በማፍሰሻ ቫልቩ በኩል ወደ ውጭ ይፈሳል። እየቆየ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ሲበቃው ውሃው ራሱ ቫልቩን ገፍቶ ጥርቅም ያደርገዋል። አሁን ሲሮጥ የነበረው ውሃ ሁሉ መሄጃ አጣ። ግፊቱ በቅጽበት ያሻቅባል፣ ውሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቼክ ቫልቭ ከፍቶ ትንሽ ውሃ ወደ አየር ታንኩ ያስገባል፣ ታንኩ ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ ያንን ውሃ ወደ ላይ ይገፋዋል። የቤት ቧንቧ ድንገት ሲዘጋ ግድግዳ ውስጥ ጓ የሚለው ይኸው ግፊት ነው። ከዚያ ግፊቱ ይወርዳል፣ በመንጃ ቧንቧው ያለው ውሃ ትንሽ ወደኋላ ያፈገፍጋል፣ ማፍሰሻው በክብደቱ ወይም በስፕሪንጉ ተመልሶ ይከፈታል። እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። እንዲህ እያለ በደቂቃ ከ40 እስከ 90 ጊዜ ያህል ይመታል።

እንግሊዛዊው ጆን ዋይትኸርስት እ.ኤ.አ. በ1772 የሠራው የዚህ ዓይነት ማሽን ሰው ቆሞ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነበረበት። ራሱን በራሱ እንዲመታ ያደረገው፣ ከወንድሙ ጋር በአየር ፊኛ የሚታወቀው ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞንጎልፊዬ ነው፣ በ1796። ቫልቩን ውሃው ራሱ እንዲዘጋው ማድረግ ነበር ቁም ነገሩ፣ ዛሬም የፓምፑ ችግር ግማሹ የሚመጣው ከዚያችው ቫልቭ ነው።

ጨርሶ አይነሳም

እዚህ ጋ አንድ ነገር ብቻ ይዩ፦ ማፍሰሻው ተዘግቶ ነው የቀረው ወይስ ተከፍቶ?

ተዘግቶ ከቀረ፣ ወደኋላ የሚያፈገፍግ ግፊት የለም ማለት ነው። አዲስ በተተከለ ፓምፕ ላይ ይህ የተለመደ ነው፣ ምክንያቱም መውጫ ቧንቧው ባዶ ስለሆነ ቼክ ቫልቩን የሚመልስ ነገር ገና የለም። መፍትሄው ቀላል ነው። መውጫ ቧንቧው ላይ ያለውን መዝጊያ፣ ጌት ቫልቩን፣ ዝጉት፣ ማፍሰሻውን በእጅ እየተጫናችሁ ክፈቱት፣ ሲዘጋ እንደገና ተጫኑት። ሃያ ሠላሳ ጊዜ ይህን ብትሉ ታንኩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ራሱ መምታት ይጀምራል። ያኔ ጌት ቫልቩን ቀስ እያላችሁ ክፈቱ። ባንድ ጊዜ ወለል ካደረጋችሁት ግፊቱ ወደ ባዶው ቧንቧ ይሄድና ይቆማል። በእጅ እየተመታ እንኳ ለስለስ ያለ፣ ፍስስ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ መንጃ ቧንቧው ውስጥ አየር አለ፤ አየሩ ተገፍትሮ እስኪወጣ ማፍሰሻውን ይዞ ማፍሰስ ነው።

ተከፍቶ ከቀረ፣ ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል። ቫልቩን ለመዝጋት የሚበቃ ፍጥነት አላገኘም። መጀመሪያ ላይኛው ወንፊት በቅጠል አለመዘጋቱን እዩ። ንጹህ ከሆነ ቫልቩ ለምንጩ ከብዷል ማለት ነው፤ ክብደቱን ቀንሱ ወይም የሚከፈትበትን ርቀት አሳጥሩ።

ጠዋት ደህና ነበር፣ ከሰዓት ቆሞ ተገኘ

ይሄኛው ሰውን ያደናግራል፣ ሄደው ሲቀሰቅሱት ይነሳልና። ፓምፑ ጤነኛ ነው። የሚጠጣው ውሃ ምንጩ ከሚሰጠው በልጦ ነው። የመግቢያው ውሃ በትንሽ በትንሹ ይወርዳል፣ ከቧንቧው አፍ በላይ የምትሽከረከር አዙሪት ትታያለች፣ ቧንቧው አየር ይስባል፣ አለቀ። የበጋ ወራት ብልሽት ነው።

የሚሻለው መፍትሄ ማፍሰሻውን ማስተካከል ነው። ቫልቩ የሚከፈትበት ርቀት ሲያጥር ቶሎ ቶሎ ይዘጋል፣ ምቱ ይፈጥናል፣ የሚበላው ውሃም ይቀንሳል። ወደ ላይ የሚወጣውም አብሮ ይቀንሳል፣ ግን አይቆምም። ዝናብ ሲመጣ መልሳችሁ ማስረዘም ነው። የቧንቧው አፍም ሁልጊዜ ከውሃው ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይውረድ።

በብረት የተመታ ያህል ይጮኻል፣ ቧንቧው ይንቀጠቀጣል

የአየር ታንኩ በውሃ ሞልቷል። በግፊት ውስጥ ያለ አየር በውሃው ውስጥ እየሟሟ ይሄዳል፣ ስለዚህ መተካት አለበት። የሚተካው ከቼክ ቫልቩ ሥር ባለች አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ በሆነች ቀዳዳ ነው፦ ውሃው ወደኋላ ሲያፈገፍግ ትንፋሽ ያህል አየር ትስባለች። ጤነኛ ስትሆን በየምቱ ቀጭን ውሃ ፊጭ ታደርጋለች። ብዙ ሰው ይህን አይቶ "ያፈሳል" ብሎ ይደፍናታል። ፓምፑን ከሚገድሉት ነገሮች ይሄ አንደኛው ነው፣ ምክንያቱም አየር የሌለው ታንክ ድንጋጤውን ሁሉ ለመገጣጠሚያዎቹ ያስተላልፋል። ፓምፑን አቁሙ፣ ታንኩን አፍስሱ፣ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ክፈቱ። ቤት ውስጥ በተሠሩ ፓምፖች ላይ አንዳንዶች በቀዳዳው ፋንታ የተነፋ የብስክሌት ካላማዳሪ ታንኩ ውስጥ ያስገባሉ። ይሠራል፣ ግን ሲተነፍስ ያው ጩኸት ይመለሳል።

ምቱ ጥሩ ነው፣ ላይ የሚደርሰው ውሃ ግን ጠብታ ነው

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ይሄ ነው፣ ስለዚህ በቁጥር እንሂድበት። ምንጩ በደቂቃ 30 ሊትር ይሰጣል እንበል። ውሃው ወደ ፓምፑ 3 ሜትር ይወርዳል፣ ከፓምፑ ደግሞ 20 ሜትር መውጣት አለበት። የሚጠበቀው እንዲህ ይሰላል፦ 30 × 3 ÷ 20 = 4.5 ሊትር። ይህ ምንም ብክነት ባይኖር ነው። በደንብ የተተከለ ራም 60 በመቶ ያህል ይሰጣል፣ ስለዚህ በደቂቃ 2.7 ሊትር፣ በ24 ሰዓት ወደ 3,900 ሊትር እንጠብቃለን። ባልዲና ሰዓት ይዘን ላይ ስንለካ ግን የተገኘው 0.9 ሊትር ነው። ይህ 20 በመቶ ነው፤ አንድ ነገር ጉልበቱን እየበላው ነው።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቼክ ቫልቩ ነው። በየምቱ የገባው ውሃ ተመልሶ እየወጣ ከሆነ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። መፈተኛው፦ መለኪያ ካለ ማፍሰሻውን ተዘግቶ እንዲቆይ ወደ ላይ ያዙት፣ የመውጫውን ጌት ቫልቭ ዝጉ፣ ታንኩ ላይ ያለውን ግፊት ተመልከቱ። 2 ባር ላይ ረግቶ ከቆመ ቼክ ቫልቩ ይዟል። ወደ 0.3 እያሽቆለቆለ ከሄደ፣ ማለትም ወደ ምንጩ የ3 ሜትር ግፊት፣ ያፈሳል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጎማው ሥር የተቀረቀረች አሸዋ ናት፤ ካልሆነ ጎማው ተበልቷልና መቀየር ነው።

በእኛ ምሳሌ 2 ባር ላይ ቆመ። ታንኩም አየር አለው። ቀጥሎ መንጃ ቧንቧውን በመዳፍ ይዞ መሄድ ነው። ብረት ከሆነ በየምቱ ስል የሆነ ንዝረት ይሰማችኋል፣ ቧንቧው ግን ንቅንቅ አይልም። እዚህ ግን ከ15 ሜትሩ ውስጥ 6 ሜትሩ ጥቁር የፕላስቲክ ጎማ ሆኖ ተገኘ፣ መዳፍ ሥር በየምቱ ያብጥና መልሶ ይሟሽሻል። ያቺ እብጠት ወደ ላይ መሄድ የነበረባት ውሃ ናት።

ቁጥሩም ያንኑ ይላል። በሴኮንድ 1 ሜትር የሚሮጥ ውሃ ብረት ቧንቧ ውስጥ ድንገት ሲቆም ግፊቱ ወደ 12 ባር ይዘላል፣ ጠንካራ ፒቪሲ ውስጥ ወደ 4 ባር ገደማ፣ ለስላሳ ፕላስቲክ ውስጥ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጎማውን አውጥቶ ጋልቫናይዝድ ቢገባ እንዲህ ያለው ፓምፕ በደቂቃ ወደ 2.5 ሊትር መመለሱ የሚጠበቅ ነው። መውጫ ቧንቧው ግን ፕላስቲክ ቢሆን ምንም አይደለም፣ ከአየር ታንኩ በኋላ ድንጋጤ የለምና። ብር መቆጠብ ከተፈለገ እዚያ ነው የሚቆጠበው።

የመንጃ ቧንቧው ርዝመትም ልክ አለው። ውሃው ወደ ፓምፑ ከሚወርድበት ከፍታ፣ ማለትም ከውድቀቱ፣ ከ3 እስከ 7 እጥፍ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ለ3 ሜትር 15 ሜትር ደህና ነው። በጣም ካጠረ ምቱ ይቸኩልና የሚሮጠው ውሃ ትንሽ ስለሆነ ጉልበቱ ያንሳል፣ በጣም ከረዘመ ሰበቃው ያዘገየዋል። ቀጥ ብሎ ይውረድ፤ ክርን እና ጉብታ አይኑረው።

ሁሉም ነገር ደህና ነው፣ ውሃው ግን አሁንም አይበቃም

ያኔ ችግሩ ቦታው ነው፣ ቁልፍ ይዞ መታገል ዋጋ የለውም። ያንኑ ምንጭ ይዛችሁ 20 ሜትሩን 60 ብታደርጉት በደቂቃ 0.9 ሊትር ብቻ ይቀራል፣ እሱም ሁሉም ነገር ከሠመረ ነው፤ ከፍታው ሲጨምር ቅልጥፍናውም ይወርዳልና። እኔ ከፍታው ከውድቀቱ አሥር እጥፍ በላይ ሲሆን ማመንታት እጀምራለሁ። በተቃራኒው ውድቀቱን ከ3 ወደ 4 ሜትር ማሳደግ፣ ማለትም ፓምፑን ትንሽ ወደ ታች መትከል፣ ብዙ ጊዜ ከማንኛውም ጥገና የበለጠ ውሃ ያስገኛል። መንጃ ቧንቧው አብሮ ይረዝማል፣ የሚወጣበት ከፍታም አንድ ሜትር ይጨምራል። ያም ሆኖ ስሌቱ 30 × 4 ÷ 21 × 0.6፣ ማለትም 3.4 ሊትር ይሆናል።

የሚመቸው ቦታ እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ፣ አሸዋ የማያመጣ ምንጭ ወይም ወንዝ ያለበት ተዳፋት ነው፣ ከምንጩ በታች ቢያንስ አንድ ሜትር ውድቀት የሚገኝበት። ጉድጓድና ሜዳ ላይ የተኛ ኩሬ አይሆንም፣ የሚወርድበት የለውምና። ከማፍሰሻው የሚወጣው ውሃም መሄጃ ይፈልጋል፦ በእኛ ምሳሌ ከ30 ሊትር 27ቱ የሚወጣው በዚያ ነው። ፓምፑ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ውሃው እዚያው ከተጠራቀመ ማፍሰሻው ይሰጥማል፣ ውድቀቱ ያንሳል፣ የአየሯ ቀዳዳም አየር ሳይሆን ውሃ ትስባለች። ስለዚህ ከመትከላችሁ በፊት ቦዩን ቆፍሩ፣ ክረምት ላይ ወንዙ የሚደርስበትን ምልክት አይታችሁም ከዚያ በላይ አስቀምጡት።