የሐዋሳውን የምሳ ሒሳብ ከደረሰኝ ፎቶ ላይ ማካፈል

ሐዋሳ ላይ የአራት ጓደኛሞች ምሳ 2277 ብር መጣ። ለአራት እኩል ቢካፈል 569.25 ይደርሳል፤ የ300 ብር በየዓይነቱ ብቻ ለበላችው ጾመኛ ይህ ግፍ ነው።

መጀመሪያ ፎቶው ይጣራ። የደረሰኙ ቀለም ስለደበዘዘ የክትፎው 600 ብር 800 መስሎ ተነቦ ነበር። ስህተቱ የታወቀው የምግቦቹ ድምር ከታች ከታተመው 1800 በ200 ሲበልጥ ነው።

የ900 ብሩ የዓሣ ጉላሽ ለበሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ተካፍሎ 300 ደረሳቸው። ከእነሱ አንዱ ክትፎውን ለብቻው ስላዘዘ የሱ 900 ሆነ።

ሰርቪስና ቫት ግን በሰው ቁጥር ሳይሆን በበሉት ልክ ነው የሚከፈለው። ቫቱ 15 በመቶ የሚሰላው 10 በመቶው ሰርቪስ ከተጨመረ በኋላ ስለሆነ የእያንዳንዱ ድርሻ በ1.265 ይባዛል፦ ጾመኛዋና ጉላሽ ብቻ የበሉት ሁለቱ እያንዳንዳቸው 379.50፣ ክትፎ ያዘዘው 1138.50። ሁለቱን ደምሮ 25 በመቶ ያለ ሰው 27 ብር ይጎድልበታል።